የጋብቻና የዓመት ፈቃድን በአንድ ማመልከቻ ስለመጠየቅ

በአንድ የግል ድርጅት ከሰኞ እስከ ዓርብ የምሠራ ሲሆን፣ ሠርጌ እሑድ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 81 ለሚያገባ ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀናት ከክፍያ ጋር ስለሚፈቅድ፣ ከዚህ ቀጥሎ ከዓመት ፈቃዴ ሰባት ቀን ለመውሰድ አስቤአለሁ። የሰው ኃይል ክፍሉ ግን ማመልከቻው አንድ ከሆነ ዐሥሩም ቀን ከዓመት ፈቃዴ እንደሚቀነስ በቃል ነግሮኛል፤ ይህ ትክክል አይመስለኝም፤ ሁለቱ ፈቃዶች መነሻቸው የተለያየ ነውና።

ያረቀቅሁት እንዲህ ይላል፦ «ከጥር 18 እስከ 20 ያሉት ሦስት የሥራ ቀናት በጋብቻ ፈቃድ፣ ከጥር 21 እስከ 29 ያሉት ሰባት የሥራ ቀናት ደግሞ ካለኝ 16 የዓመት ፈቃድ ቀናት ተቀንሰው እንዲያዙልኝና የካቲት 2 ሰኞ ወደ ሥራ እንድመለስ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ቅዳሜና እሑድን ያልቆጠርሁት ሕጉ የሥራ ቀን ስለሚል ነው። የዓመት ፈቃዱ በሁለት ተከፍሎ የሚሰጠው አሠሪው ሲስማማ በመሆኑ፣ ቀሪውን ዘጠኝ ቀን በኋላ እንደምወስድ እዚሁ ላይ መግለጽ ይኖርብኛል? የጋብቻ ማስረጃውንስ ከማመልከቻው ጋር ላያይዝ ወይስ ስመለስ ላቅርብ? በዚህ መልክ ጠይቃችሁ የተፈቀደላችሁ ካላችሁ፣ አጻጻፉን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።