ፎቶው ሥዕል ሲሆን ፊቱ እንዳይለወጥ strength ስንት ላይ ይቁም?

የአንድ ሽማግሌ ጉርድ ፎቶ በSDXL ወደ ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስልት እየለወጥኩ ነው፤ ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ድፍን ቀለም። ምስሉ 1024 በ1024 ነው፣ ፊቱ ግማሹን ይይዛል። ስቴፑን 30 ላይ፣ seed አንድ ላይ አስሬ strengthን ብቻ ቀያየርኩ።

0.35 ላይ ሰውየው ራሳቸው ናቸው፤ ቆዳው ግን የፎቶ ቆዳ እንደሆነ ቀረ፣ መስመሩም አልወጣም። ከ30 ስቴፕ የሚሠራው 10 ያህሉ ብቻ ስለሆነ የሚጠበቅ ነው። 0.6 ላይ ሥዕሉ በጣም ያምራል፣ ፊቱ ግን የሌላ ሰው ነው፦ አፍንጫው ቀጥ ብሎ ረዝሟል፣ ግራ ቅንድባቸውን የሚያቋርጠው ጠባሳ የለም። 0.48 ላይ ጠባሳው በስሱ ይታያል፣ ነጠላው በደንብ ሥዕል ሆኗል፣ ዓይኖቹ ግን ተልቀዋል። ከፕሮምፕቱ ስለ ዓይን የሚናገረውን ባወጣም ያው ነው፤ ስልቱ ራሱ ዓይን ያጎላል። ControlNetን በካኒ ጠርዝ፣ በ0.6 ክብደት ስጨምር የአገጩ ቅርጽ ተመለሰ፣ ዓይኑ ግን አልተመለሰም።

ሙሉውን ምስል በ0.6 ሠርቼ ፊቱን ብቻ ከዋናው ፎቶ በማስክ በ0.35 ልድገመው፣ ወይስ ሁሉንም 0.48 ላይ ትቼ የጠርዙን ክብደት ወደ 0.9 ላሳድግ?