ለቤት አስተዳዳሪ የጻፍኩት ረጅም ኢሜይል፦ የቱን ልቁረጥ፣ የቱን ላቆይ?

ሦስተኛ ፎቅ
ሰላም ለሁላችሁም። የመታጠቢያ ቤቴ ኮርኒስ ውሃ ማፍሰስ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆነው። ለቤት አስተዳዳሪው ቢሮ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። የመጀመሪያው 600 ቃል ገደማ ነበር፤ አንድ ሙሉ ማታ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት። የመጣልኝ መልስ «ችግርዎን ቢገልጹልን» የሚል አንድ መስመር ነው። አዘንኩ። ሁለተኛውን «ኮርኒሱ አሁንም ያፈሳል፣ እባካችሁ አስጠግኑልኝ» ብዬ ብቻ ላክሁት። እነሱ ደግሞ እንደ አዲስ አቤቱታ መዝግበው የትኛው ቤት ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ብለው ጠየቁኝ። ሳረዝመው አያነቡትም፣ ሳሳጥረው አይገባቸውም።

የመጀመሪያው በቅደም ተከተል እንዲህ ነበር፦ ሰላምታ፤ ቤቱን ስንከራይ እንዴት ደስ እንዳለን፤ ማርች 3 ማታ ጠብታ እንደሰማሁ፤ ማርች 5 ስደውል ያነሳችው ልጅ እንዴት እንዳናገረችኝ፤ ማርች 9 የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ከላይ ካለው ቤት መጋጠሚያ ነው እንዳለኝና ዕቃ ይዞ በሁለት ቀን እመለሳለሁ ብሎ እንደቀረ፤ የላይኛዋ ጎረቤቴ ምን እንዳለችኝ፤ ልጄ አስም እንዳለበትና ኮርኒሱ እንደሻገተ፤ ውሃው ወደ አምፖሉ እየተጠጋ መሆኑን፤ መጨረሻ ላይ ምስጋና።

ቢሮ ውዬ
እኔ ቀኑን ሙሉ ኢሜይል ስቀበል ነው የምውለው። ከአምስት መስመር በላይ አትጻፊ። የምትፈልጊውን መጀመሪያ ላይ አስቀምጪ፣ ታሪኩን በሙሉ አውጪው። ታሪክ የሚፈልግ ሰው ራሱ ይጠይቅሻል።

ሦስተኛ ፎቅ
ወንድሜ፣ ሁለተኛው ኢሜይሌ እኮ እንደዚያ ነበር። ጠየቁኝ፤ ለመጠየቅ ግን ስድስት ቀን ፈጀባቸው።

ጋሽ አበራ
ልጄ፣ እኛ ያደግነው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እየተባልን ነው። ሥሩ ካልተነገረ ሰሚው ፍርድ አይሰጥም። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ ትክክል ነበር፣ ያልታደለው አንባቢ አጥቶ ነው።

የአቤቱታ ዴስክ
በአንድ የመኖሪያ ቤቶች ቢሮ ለዓመታት አቤቱታ ተቀባይ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከሁሉም በፊት የአምፖሉን ነገር ላንሳ። ውሃ የተጠጋውን አምፖል አታብሪው፤ የዚያን ክፍል ኤሌክትሪክ ከቆጣሪው ሳጥን አጥፊና ኢሜይል ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ደውዪ። ኢሜይሉ ስልኩን ተከትሎ ይሂድ።

አሁን ወደ ጽሑፉ። ኢሜይልሽን የሚከፍተው ሠራተኛ ሦስት ነገር ነው የሚፈልገው፦ የትኛው ቤት፣ ማንን ልላክ፣ ምን ያህል ይቸኩላል። አንቺ የሚያስቸኩለውን ነገር ስምንተኛ ላይ፣ ከጎረቤትሽም በታች አስቀመጥሽው። ሰውየው እዚያ ሳይደርስ ሌላ ኢሜይል ከፍቷል።

ስትቆርጪ «ይህ ረዝሟል ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በጣትሽ ሸፍነሽ «ይህ ባይኖር ሰውየው የሚያደርገው ነገር ይለወጣል? ወይስ መልሶ ይጠይቀኛል?» በይ። ከሁለቱ አንዱ ከሆነ ይቆያል። ደስ ብሏችሁ መከራየታችሁ ምንም አይለውጥም፣ ይውጣ። ስልክ ያነሳችው ልጅ አነጋገር እውነትም አሳዝኖሻል፤ ቧንቧውን ግን አይጠግነውም። የልጅሽ አስም ይቆያል፣ ምክንያቱም ቀጠሮሽን ወደፊት ሊያመጣው ይችላል፤ ግማሽ መስመር ይበቃዋል። ማርች 9 መጥቶ የሄደው ሠራተኛ ደግሞ በጭራሽ አይወጣም። እሱን ካወጣሽ እንደገና ለማየት ብቻ ሌላ ሰው ይልካሉ፣ ሌላ ሳምንት ይሄዳል።

ጋሽ አበራ፣ እርስዎ ያሉት ሥር ይኸው ነው፤ ከጥያቄው በታች ይቀመጥ እንጂ አይጥፋ ነው የምለው።

ሲያሳጥሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አንድ ነገር አለ። «ሰውየው እስካሁን አልመጣም» የሚለው ይቀራል፣ ሰውየውን ያስተዋወቀው አንቀጽ ግን ተቆርጧል። የትኛው ሰውዬ? ቆርጠሽ ስትጨርሺ «እሱ»፣ «ያ ቀን»፣ «እንደነገርኳችሁ» የሚሉትን ፈልጊና በስምና በቀን ተኪያቸው። አንድ ሁለት ቃል ይጨምራል፣ ይጨምር።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፣ አንቺ ወደምትኖሪበት አገር ቋንቋ መልሺው፦

> ርዕስ፦ ክፍል 304፣ ከኮርኒስ የሚፈስ ውሃ ወደ አምፖል ተጠግቷል
>
> ጤና ይስጥልኝ፣
> በክፍል 304 መታጠቢያ ቤት ከኮርኒሱ የሚፈሰው ውሃ ወደ አምፖሉ ስለተጠጋ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እስከ ነገ ማርች 25 እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። መብራቱን አጥፍቼዋለሁ።
>
> ማፍሰስ የጀመረው ማርች 3 ነው። የላካችሁት የቧንቧ ሠራተኛ ማርች 9 አይቶ፣ ውሃው ከላይኛው ቤት የቧንቧ መጋጠሚያ እንደሚመጣ ነገረኝ። ዕቃ ይዞ በሁለት ቀን እንደሚመለስ ቢናገርም እስካሁን አልመጣም። ኮርኒሱ ሻግቷል፣ ቤት ውስጥም አስም ያለበት ልጅ አለ።
>
> ማታ ማታ ቤት ነኝ። ቀን ለሚመጣ ሠራተኛ ጎረቤቴ ቁልፍ አላት። ሁለት ፎቶ አያይዣለሁ፣ ስልኬ ከታች አለ።

መቶ ቃል አይሞላም። የክፍሉን ቁጥር፣ ፎቶዎቹንና ማታ ቤት ስለመሆንሽና ስለ ቁልፉ ያለውን ገምቼ ነው የጨመርኩት፣ አስተካክያቸው፤ ታሪኩ ግን አንቺው የጻፍሽው ነው። አዲስ ኢሜይል አትክፈቺ፤ በመጀመሪያው ላይ «መልስ ስጥ» ብለሽ ላኪው፣ የቀድሞው ከሥር ተያይዞ ይሄዳል፣ ሌላ አዲስ መዝገብ የመክፈታቸው ዕድልም ያንሳል። አዲሱን ርዕስ ከቀድሞው ፊት ጨምሪው እንጂ የቀድሞውን አታጥፊው።

የናሆም እናት
እኔም ለልጄ አስተማሪ የጻፍኩት ግማሹ መልስ አጥቶ ነበር፣ ኧረ እኔንም እርዱኝ። ስለ ቀረበት ፈተናና ስለ አውቶቡሱ አንድ ላይ ጻፍኩላት። ስለ ፈተናው መለሰችልኝ፣ ስለ አውቶቡሱ ዝም አለች። ቋንቋዬ ደካማ ስለሆነ ይሆን?

የአቤቱታ ዴስክ
እህቴ፣ ቋንቋሽ አይመስለኝም። አውቶቡሱ ምናልባት የእሷ ሥራ አይደለም። ሁለት ጉዳይ ለሁለት ሰው ከሆነ ሁለት ኢሜይል ይሁን።

ሦስተኛ ፎቅ
ቁልፉ እውነት ነው፣ ጎረቤቴ አላት፤ ግን ለመጻፍ አላሰብኩትም ነበር። አንድ ነገር ቀረኝ። ሦስት ሳምንት መታጠቢያ ቤቴን በወጉ አልተጠቀምኩም፣ የኪራይ ቅናሽ ልጠይቅ እፈልጋለሁ። እዚሁ ልጨምረው?

የአቤቱታ ዴስክ
አትጨምሪው። ገንዘብ ካነሳሽ ኢሜይሉ ከጥገና ክፍል ወጥቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይሄዳል፣ ጥገናውም አብሮት ይቆማል። ውሃው ከቆመ በኋላ ለብቻው ጻፊ፤ ያ ኢሜይል ይርዘም፣ ቀን በቀን የሆነው ሁሉ ይግባበት።

ቢሮ ውዬ
ታሪኩን በሙሉ አውጪ ያልኩት ስህተት ነበር፣ የማርች 9ኙን አላሰብኩትም። በዚህ ግን አልስማማም። ዛሬ ካልጠየቀች ነገ «ያኔ ለምን አልጠየቅሽም?» ይሏታል። «የኪራዩን ጉዳይ በሌላ ኢሜይል አቀርባለሁ» የሚል አንድ መስመር ምን ይጎዳል?

የአቤቱታ ዴስክ
እኔ በሠራሁበት ቢሮ ይጎዳ ነበር። በሌላው እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

ጋሽ አበራ
ሰላምታው አንድ መስመር ብቻ መሆኑ ቅር ብሎኛል። ግን ሁለቴ አነበብኩት፣ የጎደለ ነገር አላገኘሁበትም።

ሦስተኛ ፎቅ
ደውዬ፣ የኪራዩን ነገር ሳላነሳ ልኬዋለሁ። ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ፦ ሁለቱም ሠራተኞች ነገ ጠዋት ይመጣሉ፣ ቁልፉን ከጎረቤቴ ይቀበላሉ። ስለ ቅናሹ ዛሬ ማታ ረቂቅ እጀምራለሁ፤ ስጨርስ እዚህ እለጥፈዋለሁ፣ እዩልኝ።