የአያት ድስትና የመከለሻው ፓኬት

ጠያቂዋ፣ ከጎንደር አራዳ፦ «ለፋሲካ የተዘጋጀ የአንድ ደቂቃ ታሪክ በሬዲዮ ሰማሁ። አያትና የልጅ ልጅ በቀዳም ስዑር ማታ ዶሮ ወጥ ሲሠሩ ቆይተው፣ በመጨረሻ አያቲቱ የታሸገ መከለሻ በስሙ ጠሩ። ማስታወቂያ መሆኑ ከመጀመሪያው ሊነገረኝ አይገባም ነበርን?»

የሕግ ተማሪው፦ ይገባ ነበር። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ከሌላው ዝግጅት በቀላሉ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። ስለዚህ የሸቀጡ ስም በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ካልተጠራ ሕግ ተጥሷል ማለት ነው።

የማስታወቂያ ጸሐፊው፦ ወንድሜ፣ የተናገርከው የመጀመሪያው ክፍል ልክ ነው፤ መደምደሚያው ግን ከእርሱ አይወጣም። ተለይቶ ይታወቅ ማለት ስሙ ይቅደም ማለት አይደለም። ጣቢያው ከታሪኩ በፊት የማስታወቂያ ሰዓት መግባቱን በድምፅ ምልክት ካሳወቀ፣ ስሙ ዘግይቶ ቢመጣም አድማጭ አልተታለለም። ይህ ሳይሆን ታሪኩ በበዓሉ ጨዋታ መካከል እንደ አንድ ትረካ ገብቶ ከሆነ ግን የእኅታችን ቅሬታ ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው።

እኔ ከዚህ ይልቅ የምመረምረው ስሙ በታሪኩ ውስጥ ያለ ቦታው ገብቶ እንደሆነ ነው። መከለሻ ኮረሪማውና ሌላው ቅመም መዓዛውን እንዳያጣ ድስቱ ሊወጣ ሲል የሚነሰነስ ነውና፣ በታሪኩ መጨረሻ መጠራቱ ከሥራው ቅደም ተከተል ጋር ይስማማል። የሚሸጠው ዘይት ቢሆን ኖሮ ግን፣ ዘይት ሽንኩርቱ ሲቁላላ ገና በጠዋቱ የሚገባ ስለሆነ፣ ወጡ ከደረሰ በኋላ አያቲቱ የዘይቱን ስም ቢጠሩ ወጥ የሠራ ሰው ሁሉ ውሸቱን ይለየዋል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲመጣልኝ የሸቀጡን ዓረፍተ ነገር አውጥቼ አነባለሁ፤ ታሪኩ ምንም ሳይጎድልበት ከቆመ ሸቀጡ የተለጠፈ ነው፣ ድስቱ ሳይከለስ ከቀረ ግን ቦታውን አግኝቷል።

የቤት እመቤቷ፣ ከአዘዞ፦ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጅቱ ዶሮዋን ስትገነጥል ብልቱ አሥራ አንድ ብቻ ሆኖባት ደንግጣ እንደገና ስትቆጥር፣ አያትዋም ፈረሰኛውን ከሽንኩርቱ ልጣጭ ሥር አውጥተው ሲያሳይዋት፣ እናቴ ያስቆጠረችኝ ቀን ትዝ ብሎኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ወዲያው አያቲቱ በማንኪያ ጨልፈው «እስኪ ጨው ቅመሽ» አሏት። በቀዳም ስዑር፣ ቅዳሴ ሳይወጣ! ሃምሳ አምስት ቀን የጾመች ሴት የፍስክ ወጥ አትቀምስም፤ ጨዉን በእጇ ልክ፣ መድረሱን በሽታውና ቅቤው ወደ ላይ በመንሳፈፉ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ የተጠራው መከለሻ ወርቅ ቢሆን እንኳ አላመንኩትም።

የማስታወቂያ ጸሐፊው፦ እሜቴ፣ ይህን ስሕተት እኔም አልፌው ነበር። አያቲቱ እንፋሎቱን በእጃቸው ወደ ፊታቸው ስበው «ደርሷል፣ ከልሽው» ቢሉ ጾሙም ይጠበቅ ነበር፣ ሸቀጡም ስሙ ሳይደጋገም ይገባ ነበር።

የባልትና ነጋዴው፣ ከቅዳሜ ገበያ፦ ስለ ታሸገ መከለሻ ከተነሣ የእኔንም ስሙኝ። አምና ለፋሲካ ያስነገርኩት ማስታወቂያ የሸቀጡን ስም አምስት ጊዜ ይጠራ ነበር፤ ደንበኞቼ ግን ሱቄ መጥተው የሌላ ቤት መከለሻ ይጠይቁኝ ነበር። ስሙ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራ ከተባለ ገንዘቤን ለምን እከፍላለሁ?

የማስታወቂያ ጸሐፊው፦ ጥያቄው ስንት ጊዜ ይጠራ የሚል አልነበረም፤ ነገር ግን ልመልስልዎ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ እኔ ከመቶ ቃል ብዙም የማያልፍ እጽፋለሁ። ከዚያ ውስጥ ስሙ አምስት ጊዜ ከገባ ለአያቲቱና ለልጅቱ የሚቀረው ቦታ ጠባብ ነው፤ አድማጩም የሚያስታውሰው ሰው ያጣል። ስሙ አንድ ጊዜ የሚጠራ ከሆነ ግን በጠራ ድምፅ፣ ከኋላው ዜማ ሳይሸፍነው፣ ከአጭር ዝምታ በኋላ መምጣት አለበት። አለዚያ ሰዎች ታሪኩን ይዘው ሸቀጡን ይረሱታል፤ ይህ የዚህ ዓይነቱ ማስታወቂያ እውነተኛ ድክመት ነው፣ አልክድም።

የሕግ ተማሪው፦ የስሙን ቦታ በተመለከተ ተሳስቻለሁ፤ እቀበላለሁ። ይሁንና ሬዲዮውን መካከል ላይ የከፈተ ሰው የመግቢያውን ምልክት አልሰማም። ለእርሱ ያ ታሪክ እስከ መጨረሻው ድረስ ታሪክ ነው። ምልክቱ ከታሪኩ በኋላም ሊደገም ይገባል እላለሁ።

የማስታወቂያ ጸሐፊው፦ በኋላ ቢደገም ልጅቱ ድስቱን ስታወጣ የቀረውን ስሜት ያፈርሰዋል፤ በዚህ አልስማማም።

ጠያቂዋ፦ እኔም ሬዲዮውን የከፈትኩት ልጅቱ ብልት ስትቆጥር ነበር።