የ30 ቀን የማሻሻያ ዕቅድ ላይ እንዴት ልፈርም?
ሰላም ወገኖች። ድሬዳዋ፣ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት የሰነድ ሠራተኛ ነኝ። ሰኞ የ30 ቀን «የሥራ አፈጻጸም ማሻሻያ ዕቅድ» ተሰጠኝ። «እያንዳንዱ ፋይል በ24 ሰዓት ይዘጋ» ይላል። ፋይል የሚዘጋው ግን ጉምሩክ ዕቃውን ሲለቅ ነው፤ ይህ በእኔ እጅ አይደለም። የዘገየው ፋይል ቁጥር አልተጠቀሰም፣ ሥልጠናም ሆነ በየሳምንቱ የሚገመግመኝ ሰው የለውም። ቁርጥ ያለው «ካልተሻሻለ ውሉ ይቋረጣል» የሚለው ብቻ ነው። መውጫውን እያሳዩኝ መሰለኝ።

ከፊርማው በላይ «ድክመቴን አምኜ ተቀብያለሁ» የሚል አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የችሎታ ማነስ የሚረጋገጠው በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ነው፤ ያለፈው ግምገማዬ ደግሞ ጥሩ ነበር። ያን መስመር ሰርዤ «ደርሶኛል፤ በይዘቱ አልስማማም» ብዬ፣ ቀን ጽፌ ብፈርም እንደ እምቢተኝነት ይቆጠርብኛል? የጉምሩኩን መዘግየት በፋይል ቁጥር ዘርዝሬ የምጽፈውን ደብዳቤስ ከፊርማዬ ጋር ላያይዘው ወይስ ለብቻው በመዝገብ ቤት ላስገባው?