ፕሮፎርማው 4,200 ዶላር፣ ኮሜርሻል ኢንቮይሱ 4,650 ዶላር፦ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ከቻይና 10 የልብስ ስፌት ማሽኖች አዝዤ ነበር። ባንክ የውጭ ምንዛሪ የፈቀደልኝ ሻጩ በላከው ፕሮፎርማ ነው፤ 4,200 ዶላር፣ ኤፍኦቢ ይላል። ፕሮፎርማ የዋጋ ማቅረቢያ እንጂ የሽያጭ ማስረጃ እንዳልሆነ ይገባኛል።

አሁን ዕቃው ተጭኗል። ከቢል ኦፍ ሌዲንጉ ጋር የመጣው ኮሜርሻል ኢንቮይስ ግን 4,650 ይላል። ልዩነቱ 450 ዶላር ነው። ሻጩን ስጠይቀው «የመርከብ ጭነት ጨምሬበት ነው» አለኝ። ወረቀቱ ላይ ግን አሁንም ኤፍኦቢ ተጽፏል፣ ጭነቱም ለብቻው አልተለየም። ትራንዚተሬ «ጉምሩክ የሚያየው ኮሜርሻሉን ነው፣ ከባንኩ ሰነድ ጋር ካልገጠመ ትቸገራለህ» ብሎ አስጨንቆኛል። ሻጩ ጭነቱን ለይቶ፣ ሲኤፍአር ብሎ እንደገና ቢጽፈው ይበቃል? ወይስ መጀመሪያ ባንኩ ፈቃዱን ያስተካክል?

ሌላው፣ ሂሳብ ሠራተኛዬ ታክስ ኢንቮይስ አምጣ ትለኛለች። የቻይናው ሻጭ የኛን ቫት አይሰበስብም፤ ታዲያ ከየት ያመጣዋል? ቫቱን የምከፍለው ጉምሩክ ላይ ስለሆነ፣ ዲክላራሲዮኑና የክፍያ ደረሰኙ ለተመላሹ ይበቃሉ ብዬ አስባለሁ። ተሳስቼ ይሆን? እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ፣ እባካችሁ ዕቃው ወደብ ሳይደርስ ንገሩኝ።