«ብሔራዊ ጥሪ» ነው ወይስ የዓመት ፈቃድ?

ፋይል ቤት፦ የሒሳብ ሠራተኛችን ያስገባችው ደብዳቤ ነው። ስሟን አጥፍቻለሁ።

«ጉዳዩ፦ ፈቃድ ስለመጠየቅ። በእርምጃ ውድድር ለብሔራዊ ቡድን ስለተመረጥኩ ለካምፕ ዝግጅትና ለውድድሩ የ45 ቀን ፈቃድ ከነደመወዜ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ጉዳዩ ብሔራዊ ጥሪ በመሆኑ ድርጅቱ የመከልከል መብት እንደሌለው ከወዲሁ አሳውቃለሁ።»

«ከወዲሁ አሳውቃለሁ»! ይሄ ልመና ነው ማስጠንቀቂያ? የግል ድርጅት ነን። የወር ሒሳብ መዝጊያ መጥቷል። ሥራ አስኪያጁ ዛሬውኑ መልስ ጻፊ ብሎኛል። ምን ልጻፍ?

ባለ ወፍጮ፦ ለመራመድ 45 ቀን? እኔ ታክሲ ሲጠፋ ከመገናኛ ሲኤምሲ በእግሬ እሄዳለሁ። ማንም ፈቃድ አልሰጠኝም። እርምጃ ተወዳዳሪ ከሆነች እናንተም እርምጃ ውሰዱባታ።

ጃንሜዳ፦ እርምጃ ቀልድ መስሎሃል። አንዱ እግር ሁሌ መሬት መንካት አለበት። የፊተኛው እግር መሬት ከነካ ጀምሮ ጉልበቱ ቀጥ ማለት አለበት። በመንገዱ ዳር ዳኞች ቆመው ያያሉ። ከሦስት ዳኞች ሦስት ቀይ ካርድ ከመጣ እንደ ውድድሩ ወይ ቅጣት ቦታ ትቆማለህ፣ ወይ አለቀ። አንድ ቀን ሞክረውና በማግስቱ ዳሌህን እንነጋገራለን።

ደግሞ ልጅቷ ለምን የሒሳብ ሥራ እንደምትሠራ ማንም አልጠየቀም። የማራቶን ሯጭ ብትሆን በሽልማት ትኖር ነበር። በእርምጃ የሚበላ እንጀራ የለም።

የሠራተኛ ልጅ፦ ፋይል ቤት፣ ሕጉን ሳታዪ እዚህ ማውጣትሽ ነው የገረመኝ። አዋጅ 1156/2011፣ አንቀጽ 18። «ብሔራዊ ጥሪ» ይላል። ልጅቷ ከአንቺ የተሻለ አንብባለች። ጨርሻለሁ።

መዝገቡ፦ አልጨረስክም ወንድሜ። ቃሉ አንቀጽ 18 ላይ መኖሩ እውነት ነው። ግን ጎረቤቶቹን እይ። ያለው ፈቃድ የሚባለው ክፍል ውስጥ አይደለም። የሥራ ውል ለጊዜው የሚታገድባቸው ምክንያቶች ውስጥ ነው። አብረውት የተደረደሩት ያለ ደመወዝ የሚሰጥ ፈቃድ፣ ከ30 ቀን ያልበለጠ እስር፣ የመሳሰሉት ናቸው። ውል ሲታገድ ሠራተኛው አይሠራም፣ አሠሪውም አይከፍልም። ስለዚህ «ብሔራዊ ጥሪ» ብላ ብትረታ ደመወዟን በገዛ እጇ አስቆመች ማለት ነው።

ባለ ወፍጮ፦ ሃሃሃ! ራሷን በራሷ ቀይ ካርድ ሰጠች።

የሠራተኛ ልጅ፦ ቆይ፣ ቆይ። እንግዲያው ብሔራዊ ጥሪ መሆኑን አምነሃል ማለት ነው።

መዝገቡ፦ አላመንኩም። «ብትረታ» ነው ያልኩት።

የሠራተኛ ልጅ፦ ፌዴሬሽኑ ራሱ ምን ብሎ ነው የሚያስነግረው? «ለብሔራዊ ቡድን ጥሪ ተደረገላቸው»። ብሔራዊ አለ። ጥሪ አለ። ምን ጎደለ?

መዝገቡ፦ መሃል ላይ «ቡድን» አለ።

አዋጁ ለቃሉ ትርጉም አልሰጠውም። እኔ አገር ለግዳጅ ስትጠራ ማለት ነው ብዬ አነበዋለሁ፤ እንደ ዘመቻ ያለ፣ እምቢ የማይባል። ስፖርተኛ ግን ካምፕ አልገባም ማለት ይችላል። ብዙዎችም ብለው ያውቃሉ። እምቢ የሚባልን ነገር በዚያ ቃል ለማስገባት ከባድ ነው። ክርክር የለውም አልልም፣ የሚሞክር ጠበቃ አይጠፋም። እኔ ግን ደንበኛዬን በዚያ ላይ አላስተኛትም።

የሠራተኛ ልጅ፦ አበበ ቢቂላ በ1952 ሮም ሲሄድ ክቡር ዘበኛን የዓመት ፈቃድ ጠይቆ ነበር?

ጃንሜዳ፦ አሁን ያልካት ነገር ለራስህ አትጠቅምህም። አበበን የቀጠረውም ያሠለጠነውም ራሱ ክቡር ዘበኛ ነው። ዛሬም ብዙው አትሌት የክለብ ነው። ንግድ ባንክ፣ መቻል፣ ማረሚያ። ደመወዙን የሚከፍለው ክለብ እንዲሮጥለት ነው የቀጠረው። ካምፕ መግባት ሥራው ነው። ይቺ ልጅ ግን የተቀጠረችው ደረሰኝ እንድትመዘግብ ነው። ሕጉ የተቸገረው እንደሷ ባለው ሰው ነው፤ ግማሽ ቀን አትሌት፣ ግማሽ ቀን ሒሳብ ሠራተኛ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ይቅርታ ከመሃል ገባሁ። ወንድሜ ስፖርተኛ ነው፣ ለውድድር ወደ ውጭ ቪዛ ለማግኘት ከአሠሪ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል ወይ? እዚህ እኛ ጋ እንኳን 45 ቀን፣ ለሠርግ ሁለት ቀን ብትጠይቅ ፊት ይጠቁርብሃል።

ጃንሜዳ፦ እህቴ፣ የብሔራዊ ቡድን ጉዞ ከሆነ የቪዛውን ወረቀት ፌዴሬሽኑ ነው የሚያስጨርሰው። እዚህ ያለው ጥል ሌላ ነው።

ፋይል ቤት፦ እሺ፣ ሕጉን ተውትና ቁጥሩን ንገሩኝ። ስድስት ዓመት ሠርታለች። ካምፑ አምስት ሳምንት ነው አለች። ጉዞና ውድድሩ አሥር ቀን። እኛ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው የምንሠራው።

የሠራተኛ ልጅ፦ 14 ቀን፣ በየዓመቱ አንድ ሲጨመር 19። ቀሪውን ድርጅቱ ይሸፍን።

መዝገቡ፦ ያ የድሮው አዋጅ ነው፣ 377። በአሁኑ የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ይጨመራል። ስድስት ዓመት ለሠራ 18 ይሆናል። ካለፈው ዓመት የተላለፈ አላት?

ፋይል ቤት፦ ሰባት ቀን። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ሥራ በዝቶ እኛው አስተላልፈንባታል።

መዝገቡ፦ ስለዚህ 25። እሑዶቹን አውጪና ካምፑ 30 የሥራ ቀን ነው፣ ጉዞና ውድድሩ 9። በድምሩ 39። 25ቱ ሙሉ ደመወዝ ያለው የዓመት ፈቃድ ነው። 14 ቀን ይቀራል። ጥሉ በሙሉ ያለው እነዚያ 14 ቀናት ላይ ነው። እነሱን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ብላ መጠየቅ ትችላለች፤ ድርጅቱ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ከሰጠ ግን ውሉ ለዚያን ጊዜ ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም። ጊዜው ሲያልቅ በማግስቱ የሥራ ቀን ትመጣለች፣ ወንበሯ ይጠብቃታል።

ባለ ወፍጮ፦ ለ14 ቀን ነው ይሄ ሁሉ? እኔ 45 ስትሉ ነው የደነገጥኩት።

የሠራተኛ ልጅ፦ ፋይል ቤት፣ አንድ ጥያቄ። የእናንተ የእግር ኳስ ቡድን ለኢሠማኮ የበጋ ወራት ውድድር ሲሄድ ደመወዝ ይቆረጣል?

ፋይል ቤት፦ አይቆረጥም። ግን እሱ ሌላ ነው።

የሠራተኛ ልጅ፦ እንዴት ነው ሌላ?

ፋይል ቤት፦ ማሊያው ላይ የድርጅቱ ስም አለ።

የሠራተኛ ልጅ፦ እሷ ማሊያ ላይ ያለው «ኢትዮጵያ» ነው። ያነሰ ስም ሆነባችሁ። አመሰግናለሁ፣ ይሄን ነው መስማት የፈለግኩት።

ጉልበቴን፦ እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁና ልጅቷን አስጠንቅቋት። በሜዳ ተግባር ተመርጬ ነበር። አለቃዬ ቢሮው ጠርቶ «አገርን ማስጠራት ነው፣ ሂድ፣ ሂድ» አለኝ። ጨብጦ ሸኘኝ። ወረቀት አልጠየቅኩም፣ ማን ይጠይቃል? በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቴን ታመምኩና ከቡድኑ ወጣሁ። ስመለስ አለቃው ተቀይሯል። አዲሱ «ከሥራ ቀርተሃል» አለኝ። ማስጠንቀቂያ በቤቴ አድራሻ ተልኮልኝ ነበር፣ እኔ ካምፕ ነኝ። ሜዳሊያውም የለ፣ ሥራውም የለ።

መዝገቡ፦ አየህ፣ ይሄ ነው የሚያስፈራው። በጽሑፍ እያስጠነቀቁት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። ካምፕ ላይ አምስት ቀን ምንድን ነው? ገና ሻንጣህን አልፈታህም። «ሂድ» ያለህ ሰው ዳኛ ፊት «አላልኩም» ቢል በምን ታስረዳለህ?

ጉልበቴን፦ በጉልበቴ።

ጃንሜዳ፦ ልጅቷ 45 ቀኑን አንድ ላይ መጠየቋም ስህተት ነው። ካምፕ የገባ ሁሉ አይበርም። ለካምፕ የሚጠራው ሰው ከሚጓዘው ይበዛል። በመጨረሻ የሚቀነስ አለ፣ በጉዳት የሚወጣ አለ። ደብዳቤዋ ሁለት ክፍል ቢኖረው ጥሩ ነበር። አንዱ ለካምፑ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን። ሁለተኛው የመጨረሻው ቡድን ውስጥ ከገባች ለጉዞና ለውድድሩ። ከተቀነሰች በማግስቱ ሥራ ላይ ናት፣ ድርጅቱም ዘጠኝ ቀን አተረፈ።

ባለ ወፍጮ፦ ታዲያ የማትጓዝ ከሆነ ካምፕ ምን ትሠራለች? ተጠባባቂ ቤቱ ሆኖ አይሮጥም?

ጃንሜዳ፦ ታምራት ቶላ ለፓሪስ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተተካ። 2:06:26 ገብቶ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቅ ይዞ መጣ። ቤቱ ሶፋ ላይ ቢሆን ኖሮስ?

ፋይል ቤት፦ አሁን ሌላ ወረቀት አመጣች። የፌዴሬሽኑ ደብዳቤ ነው፣ ቁጥርና ማኅተም አለው። «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላት እንጠይቃለን» ይላል። ካምፑ የሚጀምርበት ቀን አለ። የሚያልቅበት የለም።

የሠራተኛ ልጅ፦ አለቀ! ማኅተም አለው።

መዝገቡ፦ «ትብብር» ነው የሚለው። «ይፈቀድላት» አይልም፣ «ግዴታ» አይልም። ብሔራዊ ጥሪ ቢሆን ኖሮ የጠራው አካል ትብብር ይለምን ነበር?

የሠራተኛ ልጅ፦ አንተ ከድርጅቱ ነው የምትበላው መሰለኝ። በጨዋነት ስለጻፉ ግዴታ የለም?

መዝገቡ፦ እኔ ከሠራተኛ ነው የምበላው። ለዚህ ነው የማይይዝ ገመድ ይዛ እንዳትወርድ የምለው። ፋይል ቤት፣ የሚያልቅበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ ከፌዴሬሽኑ እንድታመጣ ጠይቂያት። እሷም የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ትሰርዛት።

ፋይል ቤት፦ አልሰርዝም አለች። «ጃንሜዳ ሳልበላ የሠለጠንኩበት ዓመት አለ፣ እሷን ቃል ለምን እሰርዛለሁ» አለችኝ። እውነት ለመናገር ትንሽ አሳዘነችኝ።

ጃንሜዳ፦ ተዋት እሷን ቃል። ቃል አያስከፍላችሁም።

ፋይል ቤት፦ ሥራ አስኪያጁ 25ቱን ቀን ፈረመ። ስለ 14ቱ «ሲደርስ እናያለን» አለ።

ጉልበቴን፦ የእኔም አለቃ እንደዚሁ ነበር የጀመረው።

መዝገቡ፦ «እናያለን» የሚባል ፈቃድ የለም። ከመሄዷ በፊት ያጽፉት።

የሠራተኛ ልጅ፦ 14 ቀን ደመወዝ ለሰንደቅ ዓላማ የሚሰስት ድርጅት! ስሙን አውጪና እናውቀው።

ፋይል ቤት፦ እኔም እንጀራ አለኝ ወንድሜ።

ባለ ወፍጮ፦ ለመሆኑ ያ የዳሌው ነገር፣ ሲለማመዱት በስንት ቀን ይለቃል? ዛሬ ከመገናኛ ትንሽ ሞክሬው ነበር።