ቫት በየመስመሩ ይሰላ ወይስ በድምሩ?

ጠያቂ፦ የጽሕፈት ዕቃ አቅራቢ ነኝ። 24 መስመር ያለው ደረሰኝ ብልክ የገዢው ፋይናንስ በ12 ሳንቲም መለሰብኝ። የኔ ሶፍትዌር ቫቱን 279.12 ይላል፣ እነሱ 279.00 ነው ይላሉ። ማናችን ነን ልክ?

የሒሳብ ሹም፦ መስመሮችህ በሙሉ በ50 ሳንቲም ነው የሚያልቁት፣ አይደል? 12 ብር ከ50 የሆነውን ውሰድ። 15 በመቶው 1.875 ነው፤ ሶፍትዌርህ ያቺን ግማሽ ሳንቲም ወደ ላይ ገፍቶ 1.88 ያደርጋታል። ሃያ አራት ጊዜ ግማሽ ሳንቲም፣ ይኸው 12 ሳንቲምህ። እነሱ 1,860 ብሩን በአንድ ጊዜ ስላሰሉት የሚገፋ ነገር አላገኙም። እኔ በድምሩ ነው የምለው።

ፕሮግራመር፦ አንዱ መስመር ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ሲሄድ ይካካሳል እኮ። 12 ሳንቲም የወጣው ሌላ ስህተት ቢኖር ነው።

የሒሳብ ሹም፦ ሳንቲሙ የተበታተነ ቢሆን እውነትህን ነው። 12.53 ወደ ላይ ይሄዳል፣ 12.55 ወደ ታች። በ50 የሚያልቅ ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው፤ ሙሉ ብር ደግሞ ጭራሽ ትርፍራፊ የለውም። ታዲያ ምኑ ያካክሰዋል? ሞክረው፦ 12.50ውን ሁለት ፍሬ አድርገህ በአንድ መስመር ጻፈው፣ ልዩነቱ ይጠፋል።

ፕሮግራመር፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ። ግማሿን ወደ ጥንዱ ቁጥር በሚያስጠጋው `ROUND_HALF_EVEN` ብንሠራውስ?

የሒሳብ ሹም፦ ያኔ 13.50 ላይ 2.02 ይልሃል፤ ካልኩሌተር የያዘው ፋይናንስ 2.03 ይላል። አንዱን ጠብ በሌላ ለወጥክ እንጂ አላበረድከውም።

የመርካቶ ነጋዴ፦ ለ12 ሳንቲም ይሄ ሁሉ? እኔ ዋጋዬን ቫት ጨምሬ ነው የምናገረው፣ ሳንቲም መልስም የሚጠይቀኝ የለም።

የሒሳብ ሹም፦ እትዬ፣ የእርስዎ መልስ የመስጠት ጉዳይ ነው። እዚህ ደረሰኙ ከገዢው መዝገብ ጋር አልገጥም ብሎ ነው ክፍያ የቆመው።

ከፍራንክፈርት፦ እኛ ዘንድ በአውሮፓው የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ደረጃ፣ EN 16931፣ መስመሩ ላይ ከታክስ በፊት ያለው ዋጋና የታክሱ መጠን በመቶ እንጂ የታክስ ብር አይጻፍም። ዋጋው በየመቶኛው ተደምሮ ታክሱ አንዴ ነው የሚሰላው።

የሱፐርማርኬት ካሸር፦ ዕቃ ሲመለስስ? ያን ደረሰኝ በድምር አስልታችሁ 279.00 ተቀበላችሁ እንበል። ገዢው 24ቱንም በተለያየ ቀን አንድ በአንድ ቢመልስ፣ ለየብቻ እየተሰላ 279.12 ትመልሳላችሁ። በየመስመሩ የተሰላ ቢሆን ኖሮ የተከፈለው ራሱ ነበር የሚመለሰው።

የሒሳብ ሹም፦ ይህችኛዋ ጥሩ ነች። እኛ ድምሩን አስልተን ልዩነቷን ከትልቁ መስመር ላይ እንቀንሳለን፤ ሲመለስም የተመዘገበውን ነው የምንመልሰው።

የሱፐርማርኬት ካሸር፦ ታዲያ ያ ትልቁ መስመር ብቻውን 12 ሳንቲም ሲጎድልበት ለገዢው ምን ብዬ ላስረዳው?

ጠያቂ፦ እኔ ለዛሬ በድምሩ አርሜ ልኬዋለሁ፣ ክፍያው ይለቀቅልኝ። የመመለሱን ነገር ግን ገና አልገባኝም።